«የሀዋሳ ዓሣ ገበያ» ስንት ጊዜ ይጻፍ? ቁልፍ ቃል ደጋግሙ ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

«ጽሑፋችሁ ጉግል ላይ እንዲወጣ ዋናውን ቁልፍ ቃል በየአንቀጹ ድገሙት፤ ከጠቅላላው ቃል 5 በመቶ ይድረስ። የአማርኛ አጻጻፍ ስለሚለያይ ሁሉንም አጻጻፍ ከጽሑፉ ግርጌ ደርድሩ፤ የሰፈሮቹንም ስም ጨምሩ። ጽሑፉ ከ2000 ቃል አይነስ። የሜታ ኪይወርድስ ታግን መሙላት አትርሱ። አንባቢው ትንሽ ቢሰለች ችግር የለውም፤ መጀመሪያ ጉግል ያግኘው።»

ይህ ምክር እዚህ ሀዋሳ ድረ ገጽ በሚያዘጋጁ ልጆች ዘንድ እጅ በእጅ እየተላለፈ ነው። የእንግዳ ማረፊያዎች፣ ምግብ ቤቶችና አስጎብኚዎች ደህና የነበረ ጽሑፋቸውን በዚህ ምክር እያበላሹት ነው። የሌሎችን ጽሑፍ እያረምኩ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ስለ 5 በመቶው

ከክርክሩ በፊት አንድ አንቀጽ እንይ። ሐይቁ አካባቢ ያለ አንድ እንግዳ ማረፊያ ስለ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያወጣው ጽሑፍ በዚህ ምክር ታርሞ እጄ ሲገባ እንዲህ ይጀምር ነበር፦

«የሀዋሳ ዓሣ ገበያ በሀዋሳ ከተማ የሚገኝ የሀዋሳ ዓሣ ገበያ ነው። የሀዋሳ ዓሣ ገበያን መጎብኘት ከፈለጉ የሀዋሳ ዓሣ ገበያ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ይገኛል። ምርጥ የሀዋሳ ዓሣ ገበያ ለማግኘት ወደ ሀዋሳ ዓሣ ገበያ ይምጡ።»

32 ቃል ነው። አንብበን ስንጨርስ ያወቅነው ነገር ቢኖር ገበያው ሐይቅ ዳር መሆኑን ብቻ ነው። ስንት ሰዓት ይከፈታል? ምን ዓይነት ዓሣ አለ? እዚያው ይበላል ወይስ ገዝቶ መሄድ ነው? ምንም።

አሁን ቁጥሩን እንመርምር። ያረመው ልጅ ይህን ሁሉ የደጋገመው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቃል የሚቆጥር መሣሪያ ተጠቅሞ «ሀዋሳ» የሚለው ቃል ገና እንዳልበዛ ስለነገረው ነው። እነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ነው፤ በሁለት ክፍተት መካከል ያለውን ፊደል እንዳለ ይቆጥራሉ። አማርኛ ደግሞ «የ»ን፣ «በ»ን፣ «ከ»ን፣ «ን»ን ከቃሉ ጋር አጣብቆ ነው የሚጽፈው። ከላይ ባለው አንቀጽ ውስጥ «ሀዋሳ» ብቻውን የቆመው አንዴ ነው፤ «ወደ ሀዋሳ» የሚለው ላይ። ስለዚህ መሣሪያው ከ32 ቃል አንድ ብሎ 3 በመቶ ገደማ ያሳያል፤ ገና ጨምር ይላል። የሰው ዓይን ግን «የሀዋሳ»ንና «በሀዋሳ»ን ጨምሮ ስምንት ጊዜ ያያል። ያ 25 በመቶ ነው። ከአራት ቃል አንዱ ሀዋሳ ሆነ ማለት ነው።

በአማርኛ የመቶኛ ስሌት የሚያሳስተው በዚህ ነው። ቁጥሩ ራሱ ውሸት ስለሆነ እሱን ለመድረስ የሚሮጥ ሰው ሁልጊዜ ያልፈዋል።

መቶኛው በትክክል ቢቆጠርስ? ያኔም ትርጉም የለውም። የጉግልን የአይፈለጌ ገጾች ቡድን ይመራ የነበረው ማት ከትስ በ2011 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ ሲጠየቅ፣ ቃሉ አንድ ሁለቴ ሲነሳ እንደሚጠቅም፣ ከዚያ በኋላ ግን የመደጋገም ጥቅሙ እየቀነሰ እንደሚሄድ ተናግሯል። ምክንያቱን ለመረዳት በፍለጋ ሥራ ውስጥ የታወቀውን ቢኤም25 የሚባል ቀመር ማየት ይበቃል። የዛሬው ጉግል ከዚህ እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። በዚህ ቀመር፣ በተለመደው አሞላሉና መካከለኛ ርዝመት ባለው ጽሑፍ፣ አንድ ቃል አንዴ ሲነሳ 1 ነጥብ ያመጣል እንበል። ሁለቴ ሲነሳ 1.4 ገደማ ይሆናል። አምስቴ ሲነሳ 1.8 ገደማ። አሥር ጊዜ ቢነሳ ገና 2 አይሞላም። ሺህ ጊዜ ቢጻፍ 2.2ን አያልፍም። ቀመሩ ሆን ተብሎ የተሠራው እንደዚህ ነው። ቃል መደጋገም ሰነድን የተሻለ እንደማያደርገው ከድሮም ይታወቃል።

ከዚያ በላይ ደግሞ ቅጣት አለ። ቁልፍ ቃል ማጨቅ በጉግል የአይፈለጌ ገጾች ደንብ ውስጥ በስሙ የተጠቀሰ ጥፋት ነው። ገጹን ወደ ታች ሊያወርደው፣ ከነጭራሹም ከውጤቱ ሊያስወጣው ይችላል።

አንቀጹን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦

«የሀዋሳ ዓሣ ገበያ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ነው። ጀልባዎቹ ሌሊት የተጣለውን መረብ ሰብስበው ጠዋት ይገባሉ፤ ስለዚህ ትኩስ ዓሣ የሚፈልግ ሰው በጊዜ ይምጣ። በብዛት የሚገኘው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለ። እዚያው ተጠብሶ በዳጣ ይቀርባል፤ የዓሣ ሾርባም አለ።»

35 ቃል ነው፤ ከበፊቱ የሚበልጠው በሦስት ቃል ብቻ። «የሀዋሳ ዓሣ ገበያ» የሚለው አንዴ ብቻ ነው ያለው፤ ያውም መጀመሪያው ላይ። በምትኩ አሞራ ገደል፣ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ሾርባ፣ ጀልባ፣ ትኩስ ዓሣ የሚሉ ቃላት ገቡ። ሰው የሚፈልጋቸው እነዚህን ነው። «አሞራ ገደል» ብሎ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን አንቀጽ በምን ተአምር ያገኘዋል? ስሙ እንኳን አልተነሳም።

እዚህ ላይ ለምክሩ ጸሐፊ አንድ እውነት ልስጣቸው። ቃሉ ጽሑፉ ውስጥ መኖር አለበት። ከቁልፍ ቃል ማጨቅ የሸሸ ሰው አንዳንዴ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ ጽሑፉን በሙሉ «እዚያ»፣ «ቦታው»፣ «ገበያው» እያለ ይጨርስና የከተማውን ስም አንዴም አይጠራም። ያም አይሠራም። ስሙ በርዕሱ ላይ ይኑር፤ በመጀመሪያው አንቀጽ ይኑር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ባይጠራ አንባቢው የሚደናገርበት ቦታ ላይ ይኑር። ለምሳሌ ስለ ዝዋይ ዓሣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ካደረጋችሁ በኋላ ወደ ሀዋሳ ስትመለሱ ስሙን መጥራት ግድ ነው። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ከዚያ ቁልፍ ቃሉን አውጥቼ እንደገና አነባለሁ። ትርጉሙ ካልጎደለ ቃሉ ትርፍ ነበር።

አጻጻፎችን ከግርጌ ስለ መደርደር

ጸሐፊው እዚህ ላይ እውነተኛ ችግር ነክተዋል፤ መድኃኒቱ ነው የተሳሳተው። ከተማዋን ሰው ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ ብሎ ይጽፋል። ዓሣውን ደግሞ ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሣ፣ አሳ ይላል። ሦስቱ በአራቱ ሲባዛ አሥራ ሁለት ይሆናል። ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው ደግሞ በላቲን ፊደል hawassa fish ብሎ ይመታል።

ያ እንግዳ ማረፊያ አሥራ ሁለቱንም ከጽሑፉ ግርጌ ደርድሮት ነበር፤ ቀጥሎ ፒያሳ፣ አቶቴ፣ ታቦር፣ መናኸሪያ እያለ ሰፈሮቹን ይዘረዝራል። ስለ ሰፈሮቹ የሚለው ምንም የለም፤ ስማቸው ብቻ ነው። የሚያሳዝነው ነገር፣ ጉግል ቁልፍ ቃል ማጨቅ ምን እንደሆነ ሲያስረዳ ከሚሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ይኸው ነው፦ ገጹ ሊወጣባቸው የሚፈልጋቸውን ከተሞችና አካባቢዎች የሚደረድር ጽሑፍ። ምክሩ ሰውን በቀጥታ ደንቡ ላይ ወዳለው ምሳሌ ነው የመራው። አንዳንዶች ደግሞ ዝርዝሩ እንዳይታይ በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም ይጽፉታል። ያ ይብሳል፤ ድብቅ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ችግሩ በእናንተ ገጽ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ስልካችሁ ላይ ታሪክ የማይመዘግበውን መስኮት ክፈቱና «የሀዋሳ ዓሣ ገበያ» ብላችሁ ፈልጉ። ከዚያ «የአዋሳ አሳ ገበያ» ብላችሁ ፈልጉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የወጡትን ውጤቶች አነጻጽሩ። ተመሳሳይ ገጾች ከመጡ ጉግል አጻጻፎቹን እያገናኛቸው ነው፤ ምንም ማድረግ አያስፈልጋችሁም። የተለያዩ ገጾች ከመጡ ምርጫ ማድረግ አለባችሁ።

ምርጫውን በግምት አታድርጉ። ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል ነፃ መሣሪያ አለ። ድረ ገጹ የራሳችሁ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ `Performance` ውስጥ ገብታችሁ ገጹን ትመርጣላችሁ፤ `Queries` የሚለው ስር ሰዎች ምን ብለው ጽፈው ገጻችሁ እንደታያቸው ይወጣል። እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ያሳያል። እዚያ ላይ የትኛው አጻጻፍ እንደሚበዛ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የሚበዛውን አጻጻፍ ያዙና ጽሑፉን በሙሉ በእሱ ጻፉ። አንድ ገጽ ላይ አንዴ «ዓሣ» አንዴ «አሳ» ሲል አንባቢ ያልታረመ ጽሑፍ ያነበበ ይመስለዋል፤ ልክም ነው።

ሁለተኛው ስም የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ እውነት በሆነ ዓረፍተ ነገር አስገቡት። «ብዙ ሰው ዛሬም አዋሳ እያለ የሚጠራት ከተማ» ብትሉ ሰው የሚለውን ነው የጻፋችሁት፤ አንባቢውም አይደናቀፍም። ይህን አንዴ ማለት ይበቃል። አሥራ ሁለቱንም ለማስገባት መሞከር ግን አያስፈልግም።

የላቲኑን ጉዳይ የገጹ አድራሻ ላይ መፍታት ይቻላል። አድራሻውን በአማርኛ መጻፍ ክልክል አይደለም፤ ጉግልም ያነበዋል። ችግሩ ሊንኩ ሲላክ ነው። በብዙ ቦታ አንድ የግዕዝ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይቀየራል። «ሀዋሳ» የሚለው ሦስት ፊደል ብቻ እንዲህ ይሆናል፦

```
%E1%88%80%E1%8B%8B%E1%88%B3
```

እንዲህ ያለ ሊንክ ቴሌግራም ላይ ሲላክለት ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። ለአዲስ ጽሑፍ `hawassa-fish-market` የሚል አጭር አድራሻ ይበቃል። ቀድሞ የወጣ ጽሑፍ ከሆነ ግን አድራሻውን ዝም ብላችሁ አትቀይሩ። የድሮውን ሊንክ የያዘ ሰውም ጉግልም ባዶ ገጽ ላይ ያርፋሉ። የግድ መቀየር ካለበት ከድሮው ወደ አዲሱ የሚወስድ 301 የሚባለውን ቋሚ ማዘዋወሪያ አብራችሁ ሥሩ።

ስለ 2000 ቃል

ጉግል የሚመርጠው የቃል ብዛት የለም፤ ራሱ ለጸሐፊዎች ባዘጋጀው መመሪያ ላይ በግልጽ ጽፎታል። አንድ ጽሑፍ የሚረዝመው የሚመልሰው ጥያቄ ሲበዛ ነው። የዓሣ ገበያው ጽሑፍ ወደ 2000 ቃል እንዲደርስ ስለ ሀዋሳ አየር ንብረት፣ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ስለ ዓሣ የጤና ጥቅም ተጨምሮበት ነበር። ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚኬድ የሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ በጣቱ እየገፋ መውረድ ነበረበት። ብዙው ሰው አይወርድም፤ ተመልሶ ሌላ ገጽ ይከፍታል።

ምን መጨመር እንዳለበት የሚነግራችሁ ያው የ`Queries` ዝርዝር ነው። ብዙ ጊዜ ታይቶ ጥቂት ሰው ብቻ የነካውን ጥያቄ ፈልጉ። የዚህ ገጽ ዝርዝር ውስጥ ሰው የሚጠይቀው ሰዓትን፣ መግቢያን፣ ከመናኸሪያ እንዴት እንደሚደረስ ነበር። ጽሑፉ ከሦስቱ አንዱንም አይመልስም። ስለዚህ የኢንዱስትሪ ፓርኩን አንቀጽ አወጣሁና ሦስት ንዑስ ርዕሶች አስገባሁ፦ «ስንት ሰዓት ልሂድ?»፣ «ለመግባት ይከፈላል?»፣ «ከመናኸሪያ እንዴት ልድረስ?»። በእያንዳንዱ ስር የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱ ነው፤ ማብራሪያው ከኋላ ይመጣል። መልሱን የማያውቅ ጸሐፊ ደግሞ ባጃጅ ይዞ ሄዶ ይጠይቅ፤ ገበያው እዚሁ ነው።

ንዑስ ርዕሶቹ ላይ «የሀዋሳ ዓሣ ገበያ ሰዓት»፣ «የሀዋሳ ዓሣ ገበያ መግቢያ» እያልኩ አልደገምኩም። የገጹ ዋና ርዕስ ስሙን ይዞታል፤ ንዑስ ርዕሶቹ በእሱ ስር ነው የሚነበቡት። ሰውም ሲጠይቅ በየጥያቄው ሙሉ ስም አይጠራም።

ስለ ሜታ ታግ

ይህ አጭር ነው። የሜታ ኪይወርድስ ታግ ማለት በገጹ ኮድ ውስጥ ለአንባቢ ሳይታይ ቁልፍ ቃላት የሚደረደሩበት ቦታ ነው። ጉግል ይህን ታግ ለድረ ገጽ ደረጃ እንደማይጠቀምበት ያሳወቀው በመስከረም 2009 እ.ኤ.አ. ነው። እሱን መሙላት ጊዜ ማባከን ነው። ያንን ጊዜ በሁለት ሌሎች ቦታዎች፣ በርዕሱና በመግለጫው ላይ አውሉት። የዓሣ ገበያው ገጽ ላይ እንዲህ ሆነዋል፦

```html
<title>የሀዋሳ ዓሣ ገበያ፦ ስንት ሰዓት ልሂድ፣ ምን ልብላ?</title>
<meta name="description" content="አሞራ ገደል ጀልባዎቹ
የሚገቡበት ሰዓት፣ መግቢያው፣ ከመናኸሪያ መንገዱና ምን ዓሣ እንዳለ።">
```

ርዕሱ ይመዝናል፤ ገጹ ስለምን እንደሆነ ለጉግልም ለሰውም የሚነግረው መጀመሪያ እሱ ነው። ዋናው ቃል ወደ መጀመሪያው ይምጣ፤ ስልክ ላይ ረጅም ርዕስ መጨረሻው ይቆረጣልና። መግለጫው ደረጃ አይጨምርም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከርዕሱ ስር የሚታየው ጽሑፍ እሱ ስለሆነ ሰው ይንካው ወይስ ይለፈው የሚለውን ይወስናል። ጉግል አንዳንዴ ሁለቱንም በራሱ ይቀይራቸዋል። ርዕሱን ከቀየረባችሁ ጽሑፉን መልሳችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ ርዕሱ ወይ ረዝሟል፣ ወይ ቃል ተደጋግሞበታል፣ ወይ ከገጹ ይዘት ጋር አይገጥምም።

አንባቢው ቢሰለችም ስለሚለው

በዚህ ነጥብ ከጸሐፊው ጋር ፈጽሞ አልስማማም። ጉግል ያገኘው ገጽ ላይ ሰው ገብቶ ካልተረዳ የእንግዳ ማረፊያው ስልክ አይጠራም። ደግሞም ሁለቱ የሚጣሉ ጉዳዮች አይደሉም። ከላይ ያረምነውን አንቀጽ ተመልከቱት፤ ለአንባቢ ብለን ያስገባናቸው ቃላት ናቸው ለፍለጋም የጠቀሙት።

ውጤቱን ስትለኩ ግን ተጠንቀቁ። ካረማችሁ በኋላ ሰርች ኮንሶል ላይ አድራሻውን ከላይ ባለው ሳጥን አስገብታችሁ `Request indexing` የሚለውን ንኩ፤ ይህ ጉግል ተመልሶ እንዲያየው መጠየቂያ ነው፤ ለደረጃ ዋስትና አይሰጥም። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ተዉት። በየሦስት ቀኑ እየገባ አንድ ቃል የሚቀይር ሰው የትኛው ለውጥ ምን እንዳመጣ መቼም አያውቅም። ምንም ሳይጨምሩ ቀኑን ብቻ አዲስ ማድረግም አይጠቅምም፤ ጉግል አታድርጉት ካላቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ስታነጻጽሩም ተመሳሳይ ወቅቶችን አነጻጽሩ። ፍቼ ጫምባላላ ወይም ጥምቀት ያለበትን ሳምንት እንግዳ ከሌለበት ሳምንት ጋር ብታስተያዩ ለውጡ የእናንተ እርማት ይመስላችኋል። ለዓሣ ደግሞ ጾም አለ፤ ጾም ሲገባ የዓሣ ፈላጊው ብዛት በራሱ ይቀየራል። ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ማስተያየት ይሻላል፤ 16 ወሩ ለዚህ ይበቃል። ጾሙ ከዓመት ዓመት ቀኑ ስለሚዞር ግን ሰርች ኮንሶል ላይ ቀኖቹን በእጃችሁ አስገቡ እንጂ «ካለፈው ዓመት ጋር» የሚለውን ዝግጁ ምርጫ አትጠቀሙ።